ባንቺ አፍ የተናገርኩት

ልጄ ወለተ ማርያም፣

ዛሬ ጧት ሰይጣንን ክደሻል። ስትክጂው ግን እንቅልፍ ላይ ነበርሽ። አንቺን ታቅፌ ወደ ምዕራብ ዞሬ እሱንም፣ ሥራውንም፣ ሠራዊቱንም የካድኩልሽ እኔ ነኝ። ወደ ምሥራቅ ስዞር ነቅተሽ ጮኽሽ፤ ስለዚህ በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ያመንኩልሽም እኔው ነኝ። አድገሽ አፍ ስትፈቺ «እኔ መቼ አልኩ?» ብለሽ እንዳትሞግቺኝ ምን እንዳልሽ፣ እንዴት እንዳልሽ፣ ማንስ እንደሰማ ዛሬውኑ ልጻፍልሽ ብዬ ጓዳ ገብቻለሁ። ደጅ ድግሱ ገና ነው። የክርስትና እናት ከእንግዳ መሀል ጠፍታ ደብተር ላይ አቀርቅራ ቢያገኟት «አስተማሪነቷ ዛሬም አለቀቃት» ይላሉ። ይበሉ።

ከቀኑ ልጀምር፤ ከሁሉ በፊት የተጨቃጨቅነው በቀኑ ነውና።

የተወለድሽው ሐምሌ 7፣ የሥላሴ ዕለት ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ትጠመቃለች። መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በተፈጠረ በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ገነት ገቡ ይላል። ኦሪት ዘሌዋውያንም በ12ኛው ምዕራፍ ወንድ ለወለደች እናት 7 እና 33፣ ሴት ለወለደች 14 እና 66 ቀን ይቆጥርላታል፤ ደምሪው፣ እዚያው ትደርሻለሽ። ሔዋን ለምን ዘገየች ብለሽ አያትሽን ብትጠይቂያቸው «ሴት ልጅ ስትለባብስ መቼ ትቸኩላለች!» ይሉሻል። መጽሐፉ እንዲህ አይልም፤ በዚያ ላይ ሔዋን ያን ጊዜ የምትለብሰው አልነበራትም።

አያትሽ ቀኑን በጣታቸው ቆጠሩና መስከረም 26 ነው አሉ። አባትሽ ስልኩን አውጥቶ ነካክቶ መስከረም 22 አለ። እናትሽ ደግሞ የትኛውም ይሁን ብቻ ልብስሽ ይድረስ አለች። በመጨረሻ መምሬ መጡ። ቡናቸውን ሁለተኛ እስኪጠጡ ዝም ብለው ሰሙና «መስከረም 21፣ ማርያም» ብለው ፈረዱ። አያትሽ ጳጉሜን ረስተዋታል። በሌላ ጊዜ የሴት ልጅ ክርስትና ቀላል ሒሳብ ነው፤ ወራችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ከተወለደችበት ወር ሁለት ወር ትሻገሪያለሽ፣ በቀኑ ላይ 19 ትጨምሪያለሽ፣ አለቀ። ሰባት ላይ አሥራ ዘጠኝ ሲጨመር 26፤ ሴትዮዋ ይህን አሳምረው ሠርተዋል። ከነሐሴና ከመስከረም መካከል ግን ጳጉሜ ተሸጉጣለች፤ የዘንድሮዋ አምስት ቀን ናት፣ አምስቱ ሲቀነስ 21 ይመጣል። ስድስት የምትሆንበት ዓመት ቢሆን ኖሮ መስከረም 20 ትጠመቂ ነበር።

የአባትሽ ስልክ ደግሞ የተወለድሽበትን ቀን አልቆጠረም። «የተወለደችበት ቀን ቀን አይደለም?» አሉ መምሬ። ማስረጃቸውን ከራሱ ከጌታ አመጡ። ልደት ታኅሣሥ 29 ነው፣ ወደ ቤተ መቅደስ የገባበት፣ ስምዖን አረጋዊ የታቀፈው የካቲት 8 ነው። ታኅሣሥ 29ን አንድ ብለሽ ጀምሪ፤ የታኅሣሥ ሁለት፣ የጥር ሠላሳ፣ የየካቲት ስምንት፣ አርባ። አባትሽ ስልኩን ኪሱ ከተተ። እኔ ግን ይቺን ስሌት ለተማሪዎቼ አውላታለሁ።

ይህን ሁሉ ስንቆጥር እናትሽ ያስጨነቃት ሌላ ነበር። ነሐሴ ላይ ጉንፋን ይዞሽ ሌሊቱን ስታቃስቺ «ሳትጠመቅ ብትሞትብኝስ?» ብላ አለቀሰች። መምሬም ሕፃን ለሞት ሲያሰጋ አርባና ሰማንያ እንደማይጠበቅ፣ በየትኛውም ሰዓት ቢጠሯቸው እንደሚመጡ ነገሯት። ጤና ጣቢያ ወስደንሽ ተሻለሽ። እንዲህ ያለውን ነገር እወቂው፤ አንድ ቀን አንቺም ስታድጊ የምታለቅስ እናት ጎን ትቀመጪ ይሆናል።

አሁን ወደ ዛሬ ጧት። የወረኢሉን ጧት አሁን ሳታውቂው ቀምሰሽዋል፤ መስከረም ገና ስለሆነ ውርጩ አልመጣም እንጂ ንፋሱ የሚያርፍበትን ያውቃል። ጨለማ ሳለ ተነሣን፤ ጥምቀቱ ከቅዳሴ በፊት ነውና። ዕለቱ የግሸን ማርያም ንግሥ በመሆኑ የሰፈሩ እኩሌታ ወደ አምባሰል ሄዷል፤ ከካህናቱም የሄዱ አሉ። የቀሩት ደግሞ አምስት ሕፃን ሊያጠምቁ ነው። አጼ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ የሸዋን ሰው በጥቅምት እኩሌታ እዚችው ወረኢሉ ላይ ቀጥረው ሰብስበውታል። እኛ አምስት የክርስትና አባትና እናት በአሥራ አንድ ሰዓት ክርስትና ቤቱ በር ላይ ለመሰብሰብ አቃተን። የአንዱ ልጅ የክርስትና አባት ከዚያ ማዶ ቀበሌ በእግሩ ሲመጣ ሁላችንም በር ላይ ቆመን ጠበቅነው። ሲደርስም «መሸብኝ» አለ፣ በጧት።

የዘገየውን ለምን ጠበቅነው ትይ ይሆናል። ያለ ክርስትና አባት ወይም እናት ልጅ አይጠመቅማ። ለወንድ ወንድ፣ ለሴት ሴት ነው የሚቆመው፤ ጥንት ካደጉ በኋላ የሚጠመቁ ብዙ ስለነበሩ ልብስ ሲወልቅና ሲለበስ አጠገብ የሚቆመው አንድ ፆታ እንዲሆን ነው። ወላጅ ራሱ አይቆምም። ሌላ ሰው ያስፈልጋል፤ አባትና እናት ባይኖሩ የሚያስተምር፣ እነሱ ቢሳሳቱ የሚቆጣ ሰው።

ከዚያ ውሃው። አያትሽ ከነጠላቸው ሥር አንድ ፔርሙዝ ሙቅ ውሃ ደብቀው ኖሯል። ዲያቆኑ አየባቸውና «እማማ፣ ይሄ ሻይ ነው እንዴ?» አላቸው። «የልጅ ልጄን አንጀት ብርድ ከሚመታው ሻይም ቢሆን አፈስበታለሁ» አሉ። ሁላችንም ነውር የተሠራ መስሎን አንገታችንን ደፋን። እኔ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ዲዳኬ የምትባል ከሐዋርያት ዘመን ብዙም ያልራቀች ጥንታዊት ጽሑፍ አለች። ስለ ጥምቀት ስታዝዝ ወራጅ ውሃ ቢገኝ በእሱ፣ ባይገኝ በሌላ ውሃ፣ በቀዝቃዛው ባይቻል በሙቁ አጥምቁ ትላለች። እናም አያትሽ ከጥንቶቹ ጋር ተስማምተው ነበር፤ አላወቁትም እንጂ። መምሬ ሳቅ አሉና ሙቁን ውሃ ከጸሎቱ በፊት ገንዳው ላይ እንዲያፈሱት ፈቀዱላቸው። የገንዳውን ቅዝቃዜ ምንም አላንቀሳቀሰውም፤ የአያትሽን ልብ ግን አሞቀው።

ክህደቱንና እምነቱን ነግሬሻለሁ። ክህደቱ አጭር ነው፤ አሳሳቢው እምነቱ ነው፤ ጸሎተ ሃይማኖትን ሙሉውን በቃል ማለት አለ። በቤቴ ስላት እንደ ወንዝ የምትወርድ ጸሎት ሰው ፊት ልጅ ታቅፌ ስቆም መሀሏ ላይ ልታንቀኝ ነበር። አጠገቤ የቆመችው የሌላዋ ሕፃን ክርስትና እናት ደግሞ ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች፤ በእኔ ድምፅ ተጠልላ እንደሆነ ገባኝና ጮክ አልኩ። ስለዚህ ዛሬ ለሁለት ልጆች ሳላምን አልቀረሁም።

ደግሞ ቀኑን ተመልከቺው። መስከረም 21 ብዙኃን ማርያም ትባላለች፤ ቤተ ክርስቲያናችን 318ቱ ሊቃውንት በኒቅያ የተሰበሰቡባት ዕለት ብላ ታስባታለች። ጉባኤው በ325 እ.ኤ.አ. ነው፤ አሁን በእኔ አፍ ያልሽው የሃይማኖት ጸሎት የተጀመረው እዚያ ነው። ስለ መንፈስ ቅዱስና ስለ ጥምቀት የሚናገረው ክፍል የተጨመረው ግን ቆይቶ፣ በ381 እ.ኤ.አ. በቁስጥንጥንያ 150 አባቶች ሲሰበሰቡ ነው። እኔን የያዘኝም በትክክል እዚያ ነበር፣ ከኒቅያ ወደ ቁስጥንጥንያ ስሻገር። በዚያ ክፍል ጥምቀት አንዲት መሆኗን እናምናለን። ስለዚህ አይደገምም፤ የክርስትና ወረቀትሽ ቢጠፋ፣ አይጥ ቢበላው፣ አገር ብትቀይሪ «ለጥንቃቄ» ብለሽ ሁለተኛ እንዳትጠመቂ። ምስክር ጥሪ፤ አምስት ቤተሰብ በር ላይ ቆሞ አይቶሻል።

ሦስት ጊዜ ውሃው ውስጥ ገብተሽ ወጣሽ፤ በአብ ስም፣ በወልድ ስም፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም። በመጀመሪያው ዝም አልሽ፤ ገርሞሽ ይመስለኛል። በሁለተኛው ጮኽሽ። በሦስተኛው የመምሬን ጺም ያዝሽ፤ አልለቅም ብለሽም ዲያቆኑ ጣቶችሽን አንድ በአንድ አላቀቀ። ከዚያ ሜሮን ተቀባሽ። ከግንባርሽ ጀምሮ በዓይን፣ በጆሮ፣ በእጅ፣ በእግር እያለ በ36 ቦታ የመስቀል ምልክት ነው። አሁን ሜሮኑ ገላሽ ላይ ስላለ አያትሽ ማንም ውሃ ይዞ እንዳይጠጋሽ በር ላይ ተቀምጠዋል።

ስም ሲወጣ ደግሞ ሌላ ጉድ ሆነ። የማርያም ዕለት ነው፤ ከአምስቱ ሕፃናት ሦስቱ ሴቶች ናቸው፤ ሦስታችንም ክርስትና እናቶች ወለተ ማርያም ይሁንልን አልን። መምሬ «ሦስቱንም በአንድ ስም ጠርቼ መንግሥተ ሰማያት በር ላይ ላጣላቸው?» ብለው አንዷን አመተ ማርያም፣ አንዷን ጽጌ ማርያም አሏቸው። አንቺ ቀድመሽ ስለቆምሽ ወለተ ማርያምን አገኘሽ። በሰዓቴ መድረሴ ያተረፈልሽ ነገር ይህ ብቻ ነው።

ይህን ስም እንዳትረሺው አደራ፤ ቀልድ አይደለም። የዓለም ስምሽን ትምህርት ቤት፣ ቀበሌ፣ ባንክ ይጠሩሻል። በክርስትና ስምሽ ግን የምትቆርቢው፣ በተክሊል ብታገቢ የምትባረኪው፣ በመጨረሻም ፍትሐት የሚደረግልሽ ነው። የሰፈራችን ሴቶች ልጆች ስንቱ ዓረብ አገር ነው ያሉት። አንዷ በሌሊት ደውላ «እትዬ፣ የክርስትና ስሜ ማን ነበር?» ትላለች፤ ታማለች፣ ጸሎት ልታስይዝ ፈልጋለች፣ ቄሱ ስም ጠይቀዋታል። እናቷ ከሞተች ማን ይነግራታል? የክርስትና እናቷ ናት። እኔም አንዱ ሥራዬ ይኸው ነው፤ ስልክሽን በማንኛውም ሰዓት አነሣለሁ። እኔ ባልኖርም እንዳትቸገሪ እዚህ ጽፌዋለሁ፤ ወለተ ማርያም።

ከዚያ ቅዳሴው ተጀመረ፤ የቀኑም ከባዱ ነገር መጣ። ለምትቆርብ ሕፃን ጡት ቀድሞ አይሰጣትም። እናትሽ ገና ሌሊት ሳለ አጥብታሽ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት ግን ለሰማንያ ቀን ልጅ አስረጂ። ወንጌል ሲነበብ ጣትሽን ጠባሽ። ጣትሽ ምንም እንደሌለው ስታውቂ የእኔን ነጠላ ጠባሽ። በመጨረሻም ጮኽሽ፤ አራቱም ሕፃናት ተከተሉሽ፤ ከመቅደስ የሚወጣውን ዜማ የምንሰማው በእናንተ መካከል ትንፋሽ ስትወስዱ ነበር። እናትሽ ሰማንያ ቀን ቤተ ክርስቲያን ሳትገባ ቆይታ ዛሬ ገና መግባቷ ነው፤ ድምፅሽን ስትሰማ ጡቷ ወርዶ ቀሚሷን አበሰበሰው፤ እንባዋም አብሮ። በመጨረሻ ቄሱ ቀረቡ፣ ዲያቆኑም በዕርፈ መስቀል አንዲት ጠብታ አቀመሰሽ፤ ጸበልም አስከተልንልሽ። ምላስሽን አጣጣምሽና ጸጥ አልሽ። ከዚያ ወዲህ እናትሽ የምትጠብቀው አፍሽን ነው፤ የቆረበ ሰው አይተፋምና ወተቱን ወዲያው እንዳታቀረሺ ትንሽ ትንሽ እያደረገች አጠባችሽ።

ማተብሽንም አሰርንልሽ። እኔ ፈትዬ የሰጠሁት ክር ነው፤ መምሬ ባርከው በአንገትሽ አሰሩት። አንድ ነገር ለእናትሽ ነግሬያታለሁ፤ ለአንቺም ልድገመው፣ አንድ ቀን ለልጅሽ ትሠሪበታለሽና። የሕፃን ማተብ ሲታሰር ሁለት ጣት በቀላሉ ሊያሳልፍ ይገባል፣ ከዚያ በላይ ግን ረዝሞ ከማንም ነገር እንዳይጠመድ። በየወሩም ይታያል፤ አንገት ያድጋል፣ ክር አያድግም። አንዳንድ እናት ማተቡን መንካት ኃጢአት እየመሰላት እየጠበቀ ሄዶ ቆዳ እስኪልጥ ትተወዋለች። ሃይማኖትሽ የሚጠብቀው ማተቡ ሲጠብቅ አይደለም። ተኝተሽ ስትገላበጪ ደግሞ እናትሽ ትይሽ።

እኔ ከእንግዲህ ለእናትና ለአባትሽ አበልጃቸው ነኝ። አባትሽ ከእኔ የተበደረውን መጋዝ ለመመለስ አንድ ክረምት የፈጀ ሰው ነው፤ አሁን አበልጅ ሆነናልና በሽማግሌ መጠየቅም አልችልም። እሱም ይህን ስለሚያውቅ ይመስለኛል የክርስትና እናት ስትመረጥ ስሜን የጠራው። አንቺን የሚነካው ግን ሌላው ነገር ነው፤ በጥምቀት የተፈጠረ ዝምድና እንደ ሥጋ ዝምድና ነው፣ ፍትሐ ነገሥትም በእሱ መካከል ጋብቻን ይከለክላል። የእኔ ሦስት ወንዶች ልጆች ወንድሞችሽ ናቸው። ታናሹ አሁን ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ዛሬ ሲያይሽ «ይቺ ናት እህቴ? ጥርስ የላትም እኮ» ብሏል። ሃያ ዓመት ሲሆንሽ ጥርስም መልክም ይኖርሻል፤ ያን ጊዜም እህቱ ነሽ።

ይህ ሕግ ቀላል እንዳይመስልሽ፤ የአገራችንን ታሪክ ሠርቷል። በ1870 ዓ.ም. ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ነበር፤ አጼ ዮሐንስም፣ ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክም ተገኝተዋል። ወሎን የሚሻሙ ሁለት ሙስሊም መሪዎች ነበሩ፤ ኢማም መሐመድ ዓሊና አባ ዋጠው። ሁለቱም ተጠመቁ። ለመሐመድ ዓሊ አጼ ዮሐንስ የክርስትና አባት ሆኑለት፣ ስሙም ሚካኤል ተባለ፤ ለአባ ዋጠው ምኒልክ ሆኑለት፣ ኃይለ ማርያም ተባለ። ሁለት ባላንጣ፣ ሁለት ንጉሥ፣ ሁለት ክርስትና አባት፤ ክፍፍሉን ያወጣው ሰው ቄስ ብቻ አልነበረም። ዓመታት አለፉ፤ ዮሐንስ ሞቱ፣ ምኒልክ ነገሡ፤ ምኒልክም ልጃቸውን ሸዋረጋን ለራስ ሚካኤል ዳሩለት። ከእነሱ በ1887 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ተወለደ። አሁን አስቢው፤ በቦሩ ሜዳ ዕጣው ተገላብጦ ምኒልክ የሚካኤል የክርስትና አባት ቢሆኑ ኖሮ ሸዋረጋ እህቱ ነበረች። ጋብቻውም አይኖርም፣ ልጅ ኢያሱም አይወለድም፣ ከዚያ ወዲህ የመጣውም ግርግር ሁሉ ሌላ መልክ በያዘ። ይህን በክፍል ሳስተምር ልጆቹ የሚያስታውሱት እሱን ብቻ ነው።

ግን ያ ጥምቀት ከእኔና ከአንቺው በአንድ ነገር ይለያል። ከጉባኤው ጋር አዋጅ ነበረ፤ የወሎ ሙስሊም ሁሉ እንዲጠመቅ ታዘዘ። እሺ ያለ አለ፣ የተሰደደ አለ፣ እንደ ሼህ ጦልሃ ያሉት ተዋጉ፤ ቀን ክርስቲያን ማታ ሙስሊም ሆኖ የኖረም ነበር። አንቺም አልተጠየቅሽም ብትዪኝ እውነትሽን ነው፣ ጥርስም አልነበረሽም። ግን በአንቺ ላይ ወታደር አልቆመም፤ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ ስታድጊም ያልኩልሽን አስረድቼ መልሰሽ በራስሽ አፍ እንድትዪው የመጠየቅ ዕዳ የእኔ ነው። ዕዳው ለዚያ ነው ከባድ የሚሆንብኝ።

አሁን ከጓዳ ሆኜ የምሰማውን ልንገርሽ። ቀኑ ጾም ስላልሆነ አባትሽ ሁለት በግ አዘጋጅቷል፤ ሁለቱም ግን በአንድ ቢላ አልታረዱም። አንዱን የእኛ ሰው በስመ ሥላሴ አረደ፤ ሌላውን ሙስሊም ጎረቤታችን፣ የማዶው ሐጂ፣ ቢስሚላህ ብለው አረዱ፤ እሱ በሌላ ድስት፣ በሌላ ምድጃ፣ በሚስታቸው እጅ ተሠራ። ከሁለቱም ወገን ማንም የሌላውን ሥጋ አይነካም፤ ድንኳኑ ግን አንድ ነው፣ ቡናውም አንድ ነው። ድስቶቹ እንዳይቀላቀሉ ጭልፋዎቹን የምትጠብቀው ያቺው የሐጂ ሚስት ናት፤ አንድ የከተማ እንግዳ ከሐጂው ድስት ጨልፎ ወደ እኛ ሳህን ሊያዞር ሲል እጁን ይዛ «ወንድሜ፣ ሁለታችንንም ልታስቆጣን ነው?» ብላ አስቀመጠችው። ትንሽ ቀደም ብሎ አልጋሽ ጎን መጥታ እጇን ዘርግታ ዱዓ አደረገችልሽ፤ «አላህ ያሳድግሽ፣ ለእናትሽ ያቆይሽ» አለች። እኔም አሜን አልኩ።

ስጦታዬ ሦስት ነገር ነው። ነጩ ልብስሽ፣ ክሩ፣ አንዲት ግልገል በግ። ልብሱ በሁለት ወር ይጠብሻል፤ ክሩን ነግሬሻለሁ። በጓ ግን ገና ብዙ ታነጋግራለች። ገጠር ያለው አጎትሽ በርቢ ይዟታል፤ የመጀመሪያዋ ልጇ የአንቺ፣ ሁለተኛዋ የእሱ፣ ከዚያ በተራ። አባትሽ ዘይትና ስኳር ሲወደድ ዓይኑን በጓ ላይ እንዳይጥል በሽማግሌ ፊት ቃል አስገብቼዋለሁ፤ መጋዙን አስታውሼ።

አንድ ውል ብቻ አለኝ። ሰባት ዓመት ሲሞላሽ እቤቴ ትመጪና ጸሎተ ሃይማኖትን በቃልሽ ትዪልኛለሽ፤ ከኒቅያ እስከ ቁስጥንጥንያ፣ ሳትደናቀፊ። መምሬ ካሉ ይሰማሉ። እየተደናቀፍሽ ካልሽ አብረን እንደግመዋለን፤ ጨርሶ ካላወቅሽው ግን የዚያን ዓመት ግልገል እኔ እወስዳለሁ። አባትሽ ይህን ሰምቶ ሳቀና «ታዲያ አንቺ ራስሽ ቁስጥንጥንያ ላይ አልተያዝሽም?» አለኝ። ጧት በር ላይ ሆኖ ሰምቶኛል ማለት ነው። ስለዚህ እኔም እስከዚያው አጠናለሁ።

የክርስትና እናትሽ፣
ወረኢሉ፣ መስከረም 21